የሶላት ሰዓት ለማወቅ የቤታችንን ደጃፍ መንገር ያስፈልገናል?

ለፈጅር ስንት ደቂቃ እንደቀረ ለማወቅ ስልክ ማንሳት ልማድ ሆኗል። የመስጂዱ አዛን በማይሰማበት ሰፈር የሚኖረው፣ ከከተማ ከተማ የሚጓዘው ሾፌር፣ በጀርመን ወይም በአሜሪካ የሚኖረው ወገናችን፣ ብዙዎቹ ስልካቸው ላይ የሶላት ሰዓት አፕ አላቸው። አፑ በተጫነበት ዕለት አንድ ትንሽ ሳጥን ብቅ ብሎ ያለንበትን ቦታ እንዲያውቅ ፈቃድ ጠይቆናል። የሶላት ሰዓት ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ስለምናውቅ ጥያቄው አላስገረመንም፤ ፈቀድንና ረሳነው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ማዘርቦርድ የተሰኘው የቫይስ የቴክኖሎጂ ዝግጅት ክፍል ያወጣው ዘገባ ግን ያን ሳጥን እንደገና እንድናስብበት አድርጎ ነበር። በወቅቱ ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የወረደው ሙስሊም ፕሮ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ኤክስ-ሞድ ለተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ይልክ ነበር። ኤክስ-ሞድ የሰበሰበውን መገኛ ለሥራ ተቋራጮች ይሸጥ ነበር፤ በእነሱ በኩልም ለአሜሪካ ጦር ይደርስ ነበር። ሙስሊም ፕሮ መረጃውን ለጦሩ በቀጥታ ሸጠ መባሉን አስተባብሎ ከኤክስ-ሞድ ጋር ያለውን ግንኙነት ማቋረጡን አስታወቀ። በቀጣዩ ወር አፕልና ጉግል የኤክስ-ሞድን ኮድ የያዙ አፖች ኮዱን እንዲያወጡት አዘዙ።

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ «አፑ ተጠልፎ ነው» ሲባል በተደጋጋሚ እሰማለሁ። አልተጠለፈም፤ ማንም የሰበረው በር አልነበረም። ተጠቃሚው «ፍቀድ» የሚለውን ራሱ ነክቷል። ያልተነገረው ነገር ፈቃዱ ለማን ጭምር እንደሆነ ነው። ማዘርቦርድ ባየበት ጊዜ የአፑ የግላዊነት መግለጫ ኤክስ-ሞድን በስም አይጠቅስም ነበር፤ መገኛው ወደዚያ እንደሚሄድ የሚያስረዳ ሳጥንም አልነበረም። ስለሆነም ክርክሩ ሦስት ውሳኔዎች ላይ ነው፦ ምን ይሰበሰብ፣ ፈቃድ እንዴት ይጠየቅ፣ መግለጫው ምን ይበል። ዛሬ በአማርኛ አፕ የሚሠሩ የእኛው ልጆች እየበዙ ስለሆነ ውሳኔው የሩቅ አገር ኩባንያ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ስንት ሜትር ያስፈልጋል?

መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ቀላል ነው፦ የሶላት ሰዓት ለማስላት ቦታችንን ምን ያህል በቅርበት ማወቅ ያስፈልጋል? መልሱ በስሌት የሚገኝ ነው።

ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ አንድ ዲግሪ ስንሄድ ፀሐይ የምትወጣበትና የምትጠልቅበት ሰዓት በ4 ደቂቃ ይለያያል። በኢትዮጵያ አንድ ዲግሪ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ማለት አንድ ደቂቃ ለውጥ ለማየት ወደ 27 ኪሎ ሜትር ያህል በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ መጓዝ አለብን። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ሲሆን እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ለውጡ ከዚህም ያነሰ ነው። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 3 ዲግሪ ገደማ ስለምትርቅ መግሪብ ወደ 12 ደቂቃ ቀድሟት ይገባል። ከአየር ጤና እስከ መርካቶ ግን ልዩነቱ ጥቂት ሰከንዶች ነው።

ቂብላም እንደዚሁ ነው። ከአዲስ አበባ መካ በቀጥታ ወደ ሰሜን ሆና ወደ ምሥራቅ አምስት ዲግሪ ያህል ብቻ ታዘነብላለች። ከከተማው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ብንሄድ አቅጣጫው አንድ ዲግሪ ያህል ቢለወጥ ነው። የስልክ ኮምፓስ በብረትና በማግኔት አጠገብ ከዚያ በላይ ይሳሳታል።

የስልኩ ጂፒኤስ ደግሞ ያለንበትን በጥቂት ሜትሮች ያገኛል። ይህ በየትኛው ቤት እንዳደርን፣ በየትኛው መስጂድ ጁምዓን እንደሰገድን፣ ከሶላት በኋላ የማንን በር እንዳንኳኳን የሚያሳይ ርቀት ነው። ስም ባይጻፍበትም ሌሊት የሚያርፍበትና ቀን የሚውልበት ቦታ የስልኩን ባለቤት ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሳይንቲፊክ ሪፖርትስ የወጣ ጥናት በ1.5 ሚሊዮን ሰዎች የስልክ መረጃ ላይ ባደረገው ምርመራ፣ ቦታና ሰዓት ያላቸው አራት ነጥቦች ብቻ ከሰዎቹ 95 በመቶውን ለይተው ለማውጣት በቂ እንደነበሩ አሳይቷል።

እንግዲህ ሥራው የሚፈልገው በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚለካ ቅርበት ነው፤ የሚወሰደው በሜትሮች የሚለካ ነው። ትርፉ የሄደው ወደ ገበያ ነው። ኤክስ-ሞድ ለአፕ ባለቤቶች ያቀርብ በነበረው ማስታወቂያ በየቀኑ 50 ሺህ የአሜሪካ ተጠቃሚ ያለው አፕ በወር 1,500 ዶላር እንደሚያገኝ ይናገር ነበር። ለአንድ ሰው በወር ሦስት ሳንቲም ማለት ነው።

ዝርዝሩን ማጠር

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ጥቂት ወጣቶች በአማርኛ የሶላት ሰዓት አፕ ሊሠሩ ተሰበሰቡ እንበል። የመጀመሪያው ረቂቅ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ጾታ፣ የትውልድ ዘመንና ትክክለኛ መገኛ ይጠይቃል። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ወደፊት ያስፈልገናል» ይላሉ። በዚህ ሙያ ከዚህ ዓረፍተ ነገር የበለጠ ብዙ ጥፋት ያስከተለ የለም፤ ወደፊት የሚያስፈልገው መረጃ ዛሬ ሊሰረቅ፣ ሊጠየቅ፣ ሊሸጥ የሚችል መረጃ ነውና።

ለእያንዳንዱ መስመር «ይህ ባይኖር አፑ ምን መሥራት ያቅተዋል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ስም ባይኖር የሚቆም ነገር የለም። ስልክ ቁጥርም እንዲሁ፤ መመዝገብ ራሱ አያስፈልግም። አዛኑን በሰዓቱ የሚያሰማው ስልኩ ውስጥ ያለው ደወል ስለሆነ ከውጭ መልእክት የሚልክ ማዕከል አያስፈልገውም። የሚቀረው መገኛ ነው። እሱም ቢሆን የከተሞች ስምና ያሉበት ዲግሪ አፑ ውስጥ አብሮ ቢጫን፣ ተጠቃሚው «ጅማ» ወይም «ደሴ» ብሎ ይመርጣል፤ ስሌቱም ያለ ኢንተርኔት ስልኩ ላይ ይሠራል።

«በአቅራቢያዬ ያለ መስጂድ» የሚለው አገልግሎት ከበድ ይላል። የተለመደው አሠራር ስልኩ ያለበትን ልኮ ከማዕከሉ መልስ መቀበል ነው። ግን የሁለት ሺህ መስጂዶች ስምና ቦታ እያንዳንዱ መቶ ባይት ቢይዝ ጠቅላላው 200 ኪሎ ባይት ነው፤ አንድ ፎቶ ከዚህ ይበልጣል። ዝርዝሩን ሙሉውን ወደ ስልኩ አውርዶ ፍለጋውን እዚያው ማድረግ ይቻላል። ያኔ ማን የትኛውን መስጂድ እንደፈለገ የሚያውቅ ማዕከል የለም።

ሦስተኛው ጉዳይ ሲነሳ ክፍሉ ዝም ይላል። ብዙ አፖች የተሰገደውንና ያመለጠውን ሶላት፣ የረመዳን ቀዳእ ቀናትን ይመዘግባሉ፤ ለሴቶችም ሶላት የማይሰገድባቸውን ቀናት ምልክት የማድረጊያ ቦታ አላቸው። ይህ በተዘዋዋሪ የወር አበባና የእርግዝና መዝገብ ነው። አብዛኛው ሠሪ ወንድ በሆነበት ቡድን ይህ እንደ ተራ የቀን መቁጠሪያ ይታለፋል። መዝገቡ ከስልኩ ካልወጣ፣ ወደ ሌላ ስልክ የሚዛወረውም ባለቤቷ ራሷ በምትይዘው ፋይል ብቻ ከሆነ፣ አገልግሎቱ ሳይጓደል አደጋው ይቀንሳል።

ክርክር የሚያስነሳው ተጓዡ ነው። «ሾፌር ከከተማ ከተማ ይሄዳል፤ አፑ ተዘግቶም ቢሆን ያለበትን መከታተል አለብን» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ጥያቄው ባዶ አይደለም። በረመዳን ከድሬዳዋ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው አፑን ሳይከፍት ቢቀር፣ የድሬዳዋው መግሪብ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ 12 ደቂቃ ቀድሞ አዛን ያሰማዋል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊያፈጥር ነው። ሆኖም መፍትሔው ሌት ተቀን መከታተል አይደለም። ማሳወቂያው «መግሪብ ገባ» ከማለት ይልቅ «መግሪብ ገባ፣ ለድሬዳዋ» ቢል ሰውየው ስህተቱን በዓይኑ ያያል፤ ከተማውን ይቀይራል። ስሌቱ ላይ አንድ ቃል ጨምሮ አንድ ትልቅ ፈቃድ መተው ማለት ይህ ነው።

ለሠሪዎቹ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በአንድሮይድ ላይ `ACCESS_COARSE_LOCATION` የሚለውን ብቻ ጽፈው፣ በተጠናቀቀው አፕ ውስጥ `ACCESS_FINE_LOCATION` ተጨምሮ ሊያገኙት ይችላሉ። ለማስታወቂያ ወይም ለቆጠራ ብለው ያስገቡት የሌላ ኩባንያ የኮድ ጥቅል የራሱን ፈቃድ ይዞ ስለሚገባ ነው። አንዴ ከገባ በኋላም አፑ የተፈቀደለትን ሁሉ እሱም ይጠቀምበታል፤ ተጠቃሚው ለአንዱ ብሎ የሰጠው ፈቃድ ለሌላውም ሆነ ማለት ነው። የኤክስ-ሞድ ኮድ በአፖች ውስጥ ይሠራ የነበረው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ እትም ከመውጣቱ በፊት የተጠናቀቀው አፕ የፈቃድ ዝርዝር ይታይ፤ እኛ ያልጻፍነው መስመር ካለ ያመጣው ጥቅል ይፈለግ።

«እስማማለሁ» የሚለው ቁልፍ

የፈቃድ ገጽ ክፉ ሲሆን ብዙ ጊዜ በውሸት አይደለም። አፑ ተከፍቶ አንድ ቃል ሳይነበብ የስልኩ ሳጥን ይመጣል፤ ወይም ረጅም ጽሑፍ ይቀርብና ከሥሩ ትልቅ አረንጓዴ «እስማማለሁ» እና ዓይን የማይስብ ግራጫ «ቆይ በኋላ» ይቀመጣል። «ቆይ በኋላ» እምቢታ አይደለም፤ ነገም መጥቶ የሚጠይቅ ነው። እምቢ ያለ ሰው አፑን መጠቀም ካልቻለ ደግሞ ፈቃዱ ፈቃድ አይባልም።

የምሳሌያችን ቡድን ገጹን እንዲህ ሊጽፈው ይችላል፦ «የሶላት ሰዓት ለማስላት በየትኛው ከተማ እንዳሉ ማወቅ አለብን። ከተማዎን ከዝርዝር መምረጥ ይችላሉ፤ ወይም ስልክዎ በግምት እንዲያገኘው መፍቀድ ይችላሉ። ስሌቱ የሚሠራው እዚሁ ስልክዎ ላይ ነው። ያሉበትን ቦታ ወደ እኛ አንልክም፤ ለሌላ ኩባንያም አንሰጥም።» ከሥሩ መጠናቸውና ቀለማቸው እኩል የሆኑ ሁለት ቁልፎች አሉ፦ «ከተማዬን እመርጣለሁ» እና «ስልኬ ያግኝልኝ»። የስልኩ የራሱ ሳጥን የሚመጣው ሁለተኛውን ለነካ ብቻ ነው።

ቅደም ተከተሉ ከጨዋነት ያለፈ ጥቅም አለው። በአንድሮይድ 11 እና ከዚያ ወዲህ በመጡት ላይ ተጠቃሚው ሁለት ጊዜ ከከለከለ ስልኩ ሳጥኑን ዳግም አያወጣም፤ ሰውየው ሐሳቡን ቢቀይር ወደ ስልኩ ማስተካከያ ገብቶ መፈለግ አለበት። ሳያስረዳ የጠየቀ አፕ ዕድሉን ያቃጥላል። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ደግሞ ተጠቃሚው ትክክለኛውን ወይም ግምታዊውን መምረጥ ይችላል፤ ግምታዊው ወደ ሦስት ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን አካባቢን ያመለክታል። ለሶላት ሰዓት ይህም ይተርፋል።

የዘካና የሶደቃ መክፈያ ቢጨመር ፈቃዱ ለብቻው፣ በሚከፈልበት ሰዓት ይጠየቃል። ለከተማ የተሰጠ «እሺ» ለባንክ መረጃ አያገለግልም። ፈቃድን መልሶ መውሰጃውም ለመስጠት ከነበረው እርምጃ መብዛት የለበትም፤ በአንድ ንክኪ የሰጠነውን ለመሰረዝ ኢሜይል መጻፍ ካለብን ገጹ ተበላሽቷል።

ማን እንደሚያደርገው የማይናገር አማርኛ

የግላዊነት መግለጫን በአማርኛ መጻፍ የራሱ ወጥመድ አለው። ቋንቋችን አድራጊውን ለመደበቅ ያመቻል። «መረጃዎ ሊሰበሰብ ይችላል»፣ «ለሦስተኛ ወገን ሊተላለፍ ይችላል»፣ «አገልግሎቱን ለማሻሻል ጥቅም ላይ ይውላል» የሚሉትን እንመልከት። ማን ይሰበስባል? «ሊ» እና «ይችላል» ሲገናኙ ደግሞ ይደረግ አይደረግ አይታወቅም። ይህ ዓይነቱ አጻጻፍ ከእንግሊዝኛ መግለጫ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው፤ በሕግ ቋንቋ የተጻፈ ይመስላል እንጂ ለሕግም አይረዳም።

መድኃኒቱ ግሡን ለባለቤቱ መመለስ ነው፦ «እንሰበስባለን»፣ «አንሰበስብም»፣ «እንዲህ ለተባለው ኩባንያ እንሰጣለን»። «ሦስተኛ ወገን» በሚለው ፋንታ የኩባንያው ስም ይጻፍ። «ለተወሰነ ጊዜ» በሚለው ፋንታ «ለ30 ቀን»። የምሳሌያችን አፕ መግለጫ በዚህ አኳኋን ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ስለማይሰበስብ የሚያብራራው ጥቂት ነው። አንድ ክፍል ግን ሊዘነጋ አይገባም። ስልኩ መገኛን ሲያገኝ የጉግልን ወይም የአፕልን አገልግሎት ይጠቀማል፤ የመስጂድ ዝርዝሩ ሲወርድም ማዕከሉ የስልኩን የኢንተርኔት አድራሻ ያያል። «ምንም አናውቅም» ብሎ መጻፍ እንግዲህ ውሸት ነው። «ዝርዝሩን ሲያወርዱ የኢንተርኔት አድራሻዎ ማዕከላችን ላይ ይመዘገባል፤ በ7 ቀን ውስጥ እናጠፋዋለን» ብሎ መጻፍ እውነት ነው፤ በእርግጥ የሚያጠፋ አሠራር ከተዘረጋ።

ጽሑፉ ግልጽ መሆኑን ለመፈተን ለአምስት ሰው ማንበብ ይበቃል፤ ከእነሱ አንዷ ስልክ የምትጠቀም ግን ብዙ የማታነብ እናት ትሁን። ከዚያ «ወዳለሽበት የሚመለከት መረጃ ማን ጋ ይደርሳል? እንዴት ታጠፊዋለሽ?» ብሎ መጠየቅ። ሁለቱ ካልመለሱ ጽሑፉ ይታረማል እንጂ ሰዎቹ አይወቀሱም። አዲስ ኩባንያ የሚገባ ከሆነ ደግሞ መግለጫውን በዝምታ ቀይሮ «አፑን መጠቀም ከቀጠሉ ተስማምተዋል» ማለት አይበቃም፤ እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሕጉም ወደዚህ እየመጣ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሃይማኖትን የሚመለከት መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል አስቀምጦታል፤ አስፈጻሚውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሶላት ሰዓት አፕ ተጠቃሚ ዝርዝር ደግሞ ሌላ ምንም ባይጻፍበት የሃይማኖት ዝርዝር ነው። በአሜሪካም የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ኤክስ-ሞድንና ተተኪውን አውትሎጂክን የአምልኮ ቦታን ጨምሮ ጥንቃቄ የሚሹ ቦታዎችን የሚያሳይ መገኛ እንዳይሸጡ ከለከለ። በክሱ ከተነሱት ነጥቦች አንዱ ኩባንያው ለአፕ ሠሪዎች ያቀረበው የማሳወቂያ ናሙና የመረጃውን ዓላማ አሟልቶ አለመናገሩ ነበር። ከዘገባው እስከ ውሳኔው ከሦስት ዓመት በላይ አለፈ፤ በመሃል የተሸጠውን የሚመልስ ትእዛዝ የለም።

ስልካችን ላይ ያለውን አፕ ለመፈተሽ ኢንተርኔቱን አጥፍተን እንክፈተው፤ የነገው የሶላት ሰዓት ከታየ ስሌቱ እዚያው የሚሠራ ሊሆን ይችላል። በአንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ Privacy dashboard የሚለው ገጽ ባለፉት 24 ሰዓታት መገኛችንን የነካውን አፕ ይዘረዝራል። ሌሊት ተኝተን ሳለ የነካ ካለ ጥያቄ ያስነሳል። በአፑ የመገኛ ፈቃድ ውስጥ Use precise location የሚለውን ማጥፋትም ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የሶላት ሰዓቱ ካልተለወጠ መጀመሪያውኑ አያስፈልገውም ነበር። ጉግል ፕሌይ ላይ Data safety በሚለው ሥር የምናነበው ግን አፕ ሠሪው ስለ ራሱ የሞላው ቃል ስለሆነ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ወጣቶቹ በመጨረሻ የሚያነሱት ጥያቄ የገንዘብ ነው፤ ተገቢም ነው። አምስት ሺህ ተጠቃሚ ያለው አፕ መገኛን ቢሸጥ በኤክስ-ሞድ ዋጋ እንኳ በወር 150 ዶላር ነው፤ ያውም ዋጋው ለአሜሪካ ተጠቃሚ የተሰላ ነበር። በሌላው በኩል ያለው ወጪ በጉግል ፕሌይ ለመመዝገብ አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 ዶላር፣ በአይፎን ለማውጣት በዓመት 99 ዶላር፣ እና የመስጂዶቹን ዝርዝር ለማስቀመጥ የሚከፈል ትንሽ የቦታ ኪራይ ነው። መረጃ የማያከማች አፕ የሚጠብቀው ማከማቻ የለውም፤ ይህን ያህል ወጪ ደግሞ አንድ መስጂድ ወይም አንድ ማኅበር በግልጽ ተጠይቆ ሊሸፍነው የሚችል ነው።